የአስታማሚ ዝለት፦ በራሳችን ቤት የእረፍት ሰዓት እንዴት ይበጃል?

መጉረስ፣ መታጠብ፣ መገላበጥ፣ መጸዳዳት፣ ሁሉንም በሌላ ሰው እጅ የሚያደርግ አዋቂ ሰው ቤታችሁ ካለ ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የሰውነት እንቅስቃሴ ችግር፣ ያለበት ሊሆን ይችላል። በመኪና አደጋ አከርካሪው የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ሕፃን አይደለም፣ ክብደቱም የሕፃን አይደለም። ዓመታት አልፈዋል፣ አሁንም የሚያነሳው ያው አንድ ሰው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም እህት።

እንዲህ ያለች እናት "ደከመኝ" ስትል የሁላችንም መልስ "ትንሽ እረፊ እንጂ" ነው። ማን ይተካት? በአንዳንድ አገሮች መንግሥት ወይም ኢንሹራንስ ከፍሎ ለጥቂት ሰዓታት ተተኪ ይልካል። እኛ ጋ እንደ መደበኛ አገልግሎት ይህ የለም። የ28 ዓመት ልጅን ዓርብ አድርሶ እሑድ የሚረከቡበት ቤትም እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ እረፍቱ እቤት ውስጥ መሠራት አለበት።

በብዙ ቤት ግን የጠፋው ሰው አይደለም። እህት አለች፣ ጎረቤት አለ፣ የአክስት ልጅ አለ። ሥራውን የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እንዴት እንደሚጎርስ፣ በየትኛው ጎኑ ሲተኛ እንደሚያስለው፣ ሲጮህ ርቦት ይሁን አሞት፣ ሁሉም ያለው በእናቱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሥራው ከዚያ ይውጣ። ሰው መፈለጉ ቀጥሎ ይመጣል።

አካሄዱን በአንድ ቤት እናሳየው። ከብዙ ቤት የተውጣጣ ምሳሌ ነው። እናት 57 ዓመቷ ነው። ልጇ 28፣ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፣ የሚጥል በሽታም አለበት፣ በቃል አይናገርም፣ ዳይፐር ይጠቀማል። የሚኖሩት አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰር የለም። እህቱ ቢሮ ትሠራለች። ወንድሙ ሻርጃ ነው፣ በየወሩ ገንዘብ ይልካል።

ደረጃ 1፦ የት እንደደረሳችሁ እወቁ

ድካም በእንቅልፍ ይለቃል። ዝለት ግን ተኝተውም አይለቅም። ልጁ ተኝቶ እናት ጣሪያ እያየች ታነጋለች። ድሮ የማያናድዳት ነገር፣ ማንኪያውን በምላሱ ገፍቶ ሲያወጣ፣ አሁን ደሟን ያፈላዋል። የራሷን የደም ግፊት መድኃኒት ትረሳለች። ለቅሶ ቤት መሄድ ትታለች፣ ሰው ሲጠራትም "ማን ይዞልኝ" ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማምነው ምልክት ግን እሷ ላይ ሳይሆን ልጁ ላይ የሚታየው ነው። የዛለ አስታማሚ ስለራሱ "ደህና ነኝ" ይላል፣ የልጁ ገላ ግን ይናገራል። ዳይፐር ከወትሮው ዘግይቶ እየተቀየረ ነው? በዚህ ወር መድኃኒት የታለፈበት ቀን አለ? ምግቡ በጥድፊያ እየተሰጠ ሳሉ በዝቷል? ጀርባው ከወገቡ በታች፣ ዳሌው ወይም ተረከዙ ላይ ቆዳው ተለውጧል? በእኛ ቆዳ ላይ የአልጋ ቁስል ሲጀምር መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ዳስሱት። ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ፣ ጠንከር ያለ፣ ወይም ጠቆር ብሎ የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ ቁስል እየመጣ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ከተገኙ "ትንሽ ልታገስ" የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

አንድ ነገር ለብቻው ልበል። ልጁን መትታችሁት ከሆነ፣ ወይም "እሱም እኔም በሞትንና በተገላገልን" የሚል ሐሳብ እየተመላለሰ ከሆነ ቀጣዮቹን ደረጃዎች አትጠብቁ። ዛሬውኑ አንድ የምታምኑትን ሰው ቤት ጥሩና ልጁን አስይዙት። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ ልክ እንደዚህ፣ በዚሁ ቃል ንገሯቸው። "ራሴን ያመኛል" ካላችሁ የራስ ምታት ክኒን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ለንስሐ አባት መናገርም ጥሩ ነው፣ ግን ሐኪሙን አይተካም።

ደረጃ 2፦ ሦስት ቀን ጻፉ

አንድ የ32 ገጽ ደብተር ይበቃል። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ፣ የተሠራውንና ሰዓቱን ብቻ ጻፉ። ማማር አያስፈልገውም። "12፡30 ዳይፐር። 1፡15 ቁርስ፣ 40 ደቂቃ። 2 ሰዓት መድኃኒት" ይበቃል። መጻፍ የሚያስቸግራት እናት ከሆነች ሴት ልጇ እየጠየቀች ትጻፍላት፣ ወይም ስልክ ላይ በድምፅ ትቅረጽ።

በምሳሌያችን ቤት እናት "የሚገድለኝ ማጠቡ ነው" ትል ነበር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ማጠቡ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነው፣ ከባድ ነው፣ ግን ያልቃል። የማያልቀው ሌሊቱ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገላብጣው ትተኛለች፣ 6 ሰዓት ትነሳለች፣ 8 ሰዓት ትነሳለች፣ 10 ሰዓት ዳይፐር ለመቀየር ትነሳለች። ከዚያ ሊነጋ ነው። ሦስቱንም ሌሊት ከሁለት ሰዓት በላይ ተያይዞ የተኛችበት ጊዜ የለም።

ብዙ ቤተሰብ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እረፍት ሲባል ቅዳሜ ከሰዓት ወጣ ብሎ ቡና መጠጣት ይመስላቸዋል። ዓመታት ሙሉ ሌሊቷ ለተቆራረጠባት ሴት ግን መጀመሪያ የሚገባት ቡና አይደለም፣ ሳይቆራረጥ የተኛ አንድ ሌሊት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ አራት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከመውጣት አንድ ሌሊት መተኛት ይበልጣል።

ሌሊቱን ከማካፈላችሁ በፊት ሊቀነስ የሚችል ነገር ካለ እዩ። በአልጋ ላይ ላለና ራሱን ማገላበጥ ለማይችል ሰው የተለመደው ምክር በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ጥሩ ወፍራም ስፖንጅ ፍራሽ ካለው፣ ቆዳውም ጤነኛ ከሆነ ልዩነቱ ሊሰፋ ይችላል። ይህን ግን ቆዳውን ያየ የጤና ባለሙያ ይወስን፣ በራሳችሁ አትወስኑ። በጎኑ ሲተኛ በጉልበቶቹ መሐል ትራስ አስገቡ። ከተረከዙ ሳይሆን ከባቱ ስር አነስ ያለ ትራስ አድርጉ፣ ተረከዙ አየር ላይ ይሁን። መጎተትም ይቅር። ከስሩ ታጥፎ የተነጠፈ አንሶላ ይኑርና ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ያንሳው። ቆዳም ይተርፋል፣ ወገብም ይተርፋል።

ደረጃ 3፦ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ

አሁን ደብተሩን ወደ አንድ ገጽ አሳጥሩ። የሚጻፈው ልጁን አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው። "በደንብ አብሉት" ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም። እንዲህ ይጻፍ፦

"ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል። ሹሮው ወፈር ይበል፣ እንጀራው በደንብ ይፈትፈት። የሻይ ማንኪያ እንጂ የሾርባ ማንኪያ አይሁን። የመጀመሪያው ሳይዋጥ ሁለተኛው አይሰጥ፣ ጉሮሮውን እያችሁ ጠብቁ። ሳል ከያዘው አቁሙ። ድምፁ ውሃ እንደያዘ ጉሮሮ ከሆነ ያስለው፣ እስኪጠራ አትቀጥሉ። በልቶ እስከ ግማሽ ሰዓት አይተኛ።"

ይህን ያህል ዝርዝር ለምን? ምግብ ወይም ውሃ ወደ ሳንባ መግባት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ከሁሉ የባሰው አደጋ ስለሆነ ነው። አዲስ ሰው ደግሞ የሚሳሳተው በደግነት ነው። "በደንብ ይብላ" ብሎ ያጣድፈዋል፣ ወይም ተኝቶ ሳለ ውሃ ያጠጣዋል።

ሁለተኛው ክፍል የሚጥል በሽታው ነው። መድኃኒቱ በስንት ሰዓት፣ ስንት ክኒን፣ እንዴት ተፈጭቶ ከምን ጋር እንደሚሰጥ ይጻፍ። ሲጥለው ሰዓት ይያዝ፣ በጎኑ ይተኛ፣ ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር ይደረግ። አፉ ውስጥ ምንም አይገባ፣ ማንኪያም ጣትም። ክብሪትም አይጫር! ይህን በትልቁ ጻፉት። የክብሪት ጭስ ያስነሳዋል የሚለው ልማድ በየቤቱ አለ፣ አዲስ ሰው ሲደነግጥ ደግሞ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው እዚያ ነው። 5 ደቂቃ ካለፈው፣ ወይም ሳይነቃ ዳግም ከጣለው ወደ ሆስፒታል። አዲስ አበባ ላይ 907 ወይም 939 ይደወላል፣ ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ ይኑሩ። የቤቱ ብሎክ ቁጥርና ቅርብ ያለው ምልክትም ይጻፍ። የደነገጠ ሰው አድራሻ ይጠፋዋል።

ሦስተኛው ስለ ልጁ ራሱ ነው፣ ብዙዎች የሚረሱት። ሳይናገር "እምቢ" የሚለው እንዴት ነው? ራሱን ወደ ግድግዳ ያዞራል? ሲያመውና ሲሰለቸው ድምፁ ይለያል? የሚወደው ዘፈን የቱ ነው? በመስኮት ዝናብ ማየት ይወዳል? እነዚህ ሁለት ሦስት መስመሮች አዲሱን ሰው ከብዙ ግራ መጋባት ያወጡታል፣ ልጁንም እንደ ዕቃ ከመታየት ያድኑታል።

ደረጃ 4፦ ማን ይተካ?

መጀመሪያ ቤተሰብ። ችግሩ አጠያየቃችን ነው። "እስኪ አግዙኝ" ስትሏቸው ሁሉም "እሺ፣ ምን ችግር አለ" ይላል፣ ከዚያ ማንም አይመጣም። "ቅዳሜ ማታ ከ3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አንቺ ትያዥ" ሲባል ግን መልሱ ወይ አዎ ነው ወይ አይደለም። በምሳሌያችን ቤት እህትየው እሑድ ሥራ ስለሌላት የቅዳሜ ሌሊት የእሷ ሆነ። ረቡዕ ማታ ደግሞ እስከ 6 ሰዓት ትይዝና ታስረክባለች፣ በማግስቱ ቢሮ ስላላት ሌሊቱን ሙሉ አትችልም። ያን ሌሊት እናት ከምሽቱ 2 ሰዓት ትተኛለች። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይቆራረጥ መተኛት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። እናት ሌላ ክፍል ትተኛ፣ ሌላ ክፍል ከሌለ ጎረቤት ወይም እህቷ ቤት ትደር። እዚያው ክፍል ውስጥ ከሆነች ልጁ ሲያቃስት የምትነሳው እሷው ናት።

ቀጥሎ ጎረቤትና እድር። እድሩን እንደ ተቋም "ልጄን ጠብቁልኝ" ማለት አይሠራም፣ የአብዛኛው እድር ደንብ ስለ ሐዘን ነው። ውስጡ ግን ሰው አለ። ጡረታ የወጡ፣ ልጆቻቸው የወጡላቸው፣ ከሰዓት በኋላ ቤት የሚውሉ ሴቶች አሉ። ከእነሱ ማጠብም ማንሳትም አትጠይቁ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ማክሰኞና ሐሙስ ከበላና መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት አጠገቡ መቀመጥ። ቡናቸውን እዚያው ያፍሉ። ምግብ፣ መድኃኒትና ዳይፐር የሌለበት ሁለት ሰዓት ለማንም አይከብድም፣ እናቲቱም በዚያ ሰዓት ትወጣለች። "ሰው ቤቴን አይቶ ምን ይላል" የሚለውን ሐሳብ አውቀዋለሁ። ልጁን ዓመታት ጓዳ የደበቀ ቤት በአንድ ቀን በሩን አይከፍትም። ከአንዲት ጎረቤት ጀምሩ፣ ሁለተኛዋን እሷው ታመጣታለች።

ሦስተኛው የሚከፈለው ሰው ነው። እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት ያችኑ የቤት ሠራተኛ "እግረ መንገድሽን እሱንም ያዥ" ማለት ነው። ምግብ ታበስላለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ 50 ኪሎ ሰው ታነሳለች፣ ከዚያ በወሩ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። አይፈረድባትም። ሥራው ሌላ ሥራ ነው፣ ክፍያውም ለብቻው ይነገር። ሙሉ ቀን መቅጠር ካልቻላችሁ በሳምንት ሁለት ሌሊት ወይም ሦስት የማጠቢያ ጠዋት ብቻ የሚመጣ ጉልበት ያለው ሰው ፈልጉ። አዋቂ ወንድን ለማንሳትና ለማጠብ ወንድ ቢሆን ይመረጣል። በደላላ ከመጣ ሰው ይልቅ በምታውቁት ሰው በኩል የመጣ ይሻላል። ያም ሆኖ መታወቂያ ኮፒና ተያዥ አይቅር።

እዚህ ጋ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። መናገር የማይችል ሰው የደረሰበትን አይናገርም። ስለዚህ መጀመሪያ አካባቢ ከአዲስ ሰው ጋር ለብቻው አትተዉት። በሽተኛዋ ሴት ከሆነች የገላ ሥራውን የምትሠራው ሴት ብቻ ትሁን። ሳትናገሩ ድንገት ተመለሱ። ማታ ሲታጠብ ገላውን እዩ። ያልነበረ ሰንበር፣ አንድ ሰው ሲገባ ብቻ የሚመጣ መኮማተርና ጩኸት፣ በዚያ ሰው ፊት ብቻ ምግብ እምቢ ማለት፣ እነዚህ ካሉ "ይለምደዋል" አትበሉ። ሰውየውን አስቁሙ።

በአዲስ አበባ ቤት ድረስ የሚመጡ ነርሶችና ፊዚዮቴራፒስቶችም አሉ። በየቀኑ ማስመጣት ለአብዛኛው ሰው ኪስ አይቻልም። ብልሃቱ በወር አንድ ጊዜ እንዲያስተምሩ መክፈል ነው። አንዱን ጠርታችሁ እናት፣ እህትና የሚቀጠረው ሰው በአንድ ላይ ባሉበት ከአልጋ ወደ ዊልቸር እንዴት እንደሚተላለፍ ያሳይ፣ እያንዳንዳቸውም እፊቱ ይሥሩት። የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው፣ ግን ሦስት ወገብ ያድናል።

ተቋማቱስ?

ብዙ ሰው "ለምን መቄዶንያ አትወስዱትም?" ይላል። መቄዶንያ የተመሠረተው ደጋፊ አጥተው ጎዳና ላይ ለወደቁ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። ቤተሰብ ላለው ሰው የሁለት ቀን ማረፊያ አይደለም። ቼሻየር የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ሥራው ግን በአብዛኛው የአካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ተሐድሶና ድጋፍ መሣሪያ ላይ ነው። የኒያ ፋውንዴሽን ጆይ ማዕከልም ትኩረቱ ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናትና ታዳጊዎች ላይ ነው። አዋቂው ሰው በእነዚህ መሐል ክፍተት ውስጥ ወድቋል። ከእነሱ የሚገኘው ጥቅም ሌላ ነው፦ ስለ ዊልቸር መጠየቅ፣ የሚያስተምር ባለሙያ ማግኘት፣ ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው ወላጆችን ማወቅ።

ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም። ተመሳሳይ ሥራ የምታውቅ ሌላ እናት ካገኛችሁ መለዋወጥ ይቻላል። አንድ ቅዳሜ እሷ ሁለቱንም ትይዛለች፣ ሌላ ቅዳሜ እናንተ። የሚሠራው ግን ሁለቱም ቤት ምድር ላይ ከሆነ ወይም ልጆቹ በዊልቸር መውጣት ከቻሉ ብቻ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላለ ሰው አይሆንም። በምሳሌያችን ቤትም አልሆነም።

ፀበልን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት ፀበል መውሰዱን እንደ ለውጥ ያየዋል። ለነፍስ ይሁን፣ ለአስታማሚው ጀርባ ግን እረፍት አይደለም። አልጋ የለም፣ ውሃ ሩቅ ነው፣ ድካሙ እጥፍ ነው። ከሄዳችሁ ሌላ ተሸካሚ ይዛችሁ ሂዱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን እዚያ አታቋርጡ፣ በድንገት ሲቆም የማያቆም መጣል ሊያመጣ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ቀስ ብሎ ማስረከብ

አዲሱን ሰው ወረቀቱን አሳይታችሁት መውጣት የለም። መጀመሪያ ቀን ይመልከት። ሁለተኛ ቀን አብራችሁ ሥሩ። ሦስተኛው ላይ እሱ ይሥራ፣ እናንተ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ቁሙ። ይህ ለእናት ከባዱ ነው፣ እጇ ሳታውቀው ይሄዳል። ከዚያ ሌላ ክፍል ግቡ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ብቻ ስልክ ይዛችሁ ውጡ፣ ምግብና መድኃኒት በሌለበት ሰዓት። ይህ በሰላም ሁለት ሦስት ጊዜ ካለፈ ሰዓቱ ይርዘም። የማብላት ተራ ሁልጊዜ የመጨረሻው ይሁን።

ልጁ ይቆጣል። ይጮህ ይሆናል፣ ከአዲስ ሰው እጅ አልበላ ይል ይሆናል። አንድ ምግብ መዝለሉ ብዙ ጊዜ አያስፈራም። መድኃኒቱንና ውሃውን ግን መዝለል የለበትም። ስትመለሱ በቀጥታ አትውቀሱ። አራት ነገር ብቻ እዩ፦ ዳይፐሩ፣ የተኛበት ጎን፣ ቆዳው፣ የመድኃኒቱ ክኒን ቁጥር። አራቱም ደህና ከሆኑ ጸጉሩ በሌላ መንገድ ቢበጠር ምን ችግር አለው? እናቶች ተተኪ ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼ ነው፣ "እንደኔ አላደረግሽም" ሲባል ሰው ይሸሻል።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡን በሰዓት ተርጉሙት

ሻርጃ ያለው ወንድም "ለእማዬ" ብሎ ይልካል። ገንዘቡ ዘይት ይገዛል፣ መብራት ይከፍላል፣ ለክርስትና ስጦታ ይሄዳል። ለእረፍት የሚተርፍ የለም። እህትየው ሦስት ቀን የተጻፈበትን ደብተር ፎቶ አንስታ ላከችለትና "የሰኞንና የዓርብን ሌሊት አንተ ክፈል፣ ሰው አግኝተናል" አለችው። ውጭ ያለ ሰው እዚህ መጥቶ ሊያነሳ አይችልም፣ ግን አንድ ሌሊት "የኔ ነው" ብሎ ሊይዝ ይችላል። ክፍያውም ከቤት ወጪው ጋር ሳይቀላቀል በቀጥታ ለሚሠራው ሰው ይድረስ።

ውጭ ሰው የሌለው ቤት ወረዳ ይሂድ። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የቀጥታ ድጋፍ አለው፣ ከባድ የአካል ጉዳት ያለበት ሰው ከሚታዩት መሐል ነው። መመዝገቢያው ሁልጊዜ ክፍት አይደለምና "ቀጣዩ ምልመላ መቼ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ የሐኪም ማስረጃ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ብሩ ሰው አያስቀጥርም፣ ዳይፐርና ሳሙናን ግን ይደጉማል። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንንም እዚያው ጠይቁ።

የምትሠሩ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ብዙ አስታማሚ ይህን ሁሉ ሆስፒታል በማመላለስ ይጨርሰዋል። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን ለእንቅልፍ አስቀሩ።

ደረጃ 7፦ እናት ራሷ ብትታመም

ይህን የምትሠሩት ዛሬ ነው፣ የታመማችሁ ቀን አይደለም። አንድ ቦርሳ በር አጠገብ ይኑር፦ የሦስት ቀን ዳይፐር፣ የሳምንት መድኃኒት ከነማዘዣ ወረቀቱ ኮፒ፣ የግድግዳው ወረቀት ቅጂ፣ አንድ አንሶላ፣ የሱ ማንኪያ። ማን በመጀመሪያው ሌሊት እንደሚመጣ፣ እሱ ካልቻለ ማን እንደሚተካ ስም ይጻፍ። ሁለቱም ሰዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ አብልተውት፣ አንድ ጊዜ አገላብጠውት መሆን አለበት። ስማቸው ወረቀት ላይ ኖሮ እጃቸው የማያውቀው ከሆነ ምንም አይረባም። ሦስተኛ ፎቅ ላሉት ደግሞ ልጁን ወደ ታች የሚያወርዱ ጠንካራ አራት ጎረቤቶች እነማን እንደሆኑ ቀድሞ ይታወቅ፣ ስልካቸውም ይያዝ።

ከአንድ ወር በኋላ

ደብተሩን አውጡና ሌላ ሦስት ቀን ጻፉ። ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት። በምሳሌያችን ቤት እናት አሁን በሳምንት አራት ሌሊት ቢያንስ አራት ሰዓት ተያይዞ ትተኛለች፣ ሁለቱ የእህት፣ ሁለቱ ወንድም የከፈለባቸው። የማክሰኞና የሐሙስ ሁለት ሰዓት ግን ተበልቷል። ጎረቤቷ ልጁ ጋ ስትቀመጥ እናት ጓዳ ገብታ እንጀራ ትጋግራለች። ይህ በብዙ ቤት ይደርሳል፣ እረፍት የተባለው ሰዓት የቤት ሥራ መሥሪያ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ተተኪው ሰው ሲገባ እናት ከግቢው ትውጣ። የት ትሄዳለች ካላችሁ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ እህቷ ቤት፣ ወይም የተወችው የራሷ የደም ግፊት ቀጠሮ።

የተቀጠረው ሰው ሊሄድ ይችላል፣ አይቀርም ማለትም ይቻላል። ሲሄድ ሌላ ሰው አምጡና ከደረጃ 5 ጀምሩ፣ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ። የመድኃኒት መጠን በተቀየረ ቁጥር ግን ወረቀቱን ወዲያው ቀይሩት፣ ቀኑንም ከላይ ጻፉበት፣ አሮጌውንም አንስታችሁ ጣሉት።